ካርዱን ሸምድዳችሁት ሌክቸሩ የሚጠፋችሁ ለምንድን ነው? የጨርቃ ጨርቅ ቃላት ካርድ ችግርና መፍትሄ

ኮምቦልቻ ላይ ጨርቃ ጨርቅ የሚማሩ ልጆችን የሁለት ቋንቋ ካርድ ሲያዘጋጁ አግዛለሁ። ሌክቸሩ በእንግሊዝኛ ነው፤ ስላይዱም ማንዋሉም እንዲሁ። ካርዱ ከፊት እንግሊዝኛውን፣ ከጀርባ አማርኛውን ይይዛል። ካርዱን አንድ በአንድ በቃሉ የሚወጣ ተማሪ ፈተና ላይ ሲሳሳት ደጋግሜ አይቻለሁ። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የምመረምረው ካርዱን ነው።

ምልክት፦ ሦስት ካርድ፣ አንድ ጀርባ

ፋይበር፣ ያርን እና ትሬድ የሚሉ ካርዶቻችሁን ገልብጧቸው። ሦስቱም ጀርባ ላይ «ክር» ተጽፎ ከሆነ ችግሩ ይሄው ነው። መምህሩ «ፋይበሩ ሲረዝም ያርኑ ይጠነክራል» ሲል ተማሪው የሚሰማው «ክሩ ሲረዝም ክሩ ይጠነክራል» ነው። እንዴት ይግባው?

ምክንያቱ የአማርኛ ድህነት አይደለም። በቤታችን «ክር» ሁሉንም ስለሚሸፍን እጃችን ቶሎ እሱን ይጽፋል። ፈትል ሲፈተል ያየ ሰው ግን ልዩነቱን ያውቀዋል። ከባዘቶው ላይ መዛችሁ የምታወጧት፣ ጸጉር የምታክለዋ ነገር ፋይበር ናት። እንዝርት ላይ ተጠምዝዞ የተጠቀለለው ፈትል ነው፤ ያርን ማለት እሱ ነው። ትሬድ ደግሞ ለመስፊያ የተዘጋጀው ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ፈትል አንድ ላይ ተገምዶ የሚሠራ ነው።

መፍትሄው ለአንድ ቃል አንድ አማርኛ ሰጥቶ እስከ መጨረሻው በዚያ መጽናት ነው። በፋይል የምታስቀምጡ ከሆነ እንዲህ ይሁን፦

```
fiber;ፋይበር
yarn;ፈትል
thread;የስፌት ክር
```

ፋይበርን እንዳለ መተው ነውር የለውም። የግድ ተርጉመን «ጭረት» ካልን ሌላ ቦታ ከምናውቀው ጭረት ጋር ይጋጭብናል።

ካርዱ መዳኑን የምታውቁት በግልባጭ ፈተና ነው። እንግሊዝኛውን ሸፍናችሁ አማርኛውን ብቻ አንብቡ። ሁለት እንግሊዝኛ ቃል ከመጣባችሁ ካርዱ ገና ነው።

ምልክት፦ ትርጉሙ ትክክል ይመስላል፣ ዓረፍተ ነገሩ ግን ትርጉም አይሰጥም

ይሄኛው ይብሳል፤ ምክንያቱም ተማሪው የተሳሳተ አይመስለውም። አንዲት ተማሪ ካርድ ላይ ሳይዚንግ «መጠን መለካት»፣ ኤንድ ደግሞ «መጨረሻ» ተብለው አገኘኋቸው። በተራው እንግሊዝኛ ቢሆን ያስኬዳል። የሽመና ክፍል ውስጥ ግን ሳይዚንግ ማለት ድሩን ማሽን ላይ ከመውጣቱ በፊት ስታርች ወይም ሌላ ማጣበቂያ ማልበስ ነው። ድሩ በሽመና ጊዜ እየተፋተገ እንዳይበጠስ የሚደረግ ሲሆን፣ በኋላ ታጥቦ ይወጣል። ኤንድ አንድ የድር ፈትል ነው። ፒክ አንድ የማግ ፈትል ነው።

ምክንያቱ ካርዱ ከስልክ መዝገበ ቃላት መሠራቱ ነው። መዝገበ ቃላቱ የቃሉን የመጀመሪያ ትርጉም ይሰጣል እንጂ የየትኛው ትምህርት ቃል እንደሆነ አያውቅም።

ስለዚህ ከፊት ቃሉን ብቻ አትጻፉ። ቃሉ የተገኘበትን አጭር ሐረግ ከስላይዱ አብራችሁ ገልብጡ። «ኤንድ» ብቻ ከሚሆን «60 ኤንድ በአንድ ኢንች» ይሁን። ከጀርባው፦ «በአንድ ኢንች የጨርቅ ወርድ ውስጥ 60 የድር ፈትል»። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ያርንን «ፈትል» ካልን ይሄም ካርድ «ፈትል» ማለት አለበት። ወደ «ክር» ከተመለሰ የመጀመሪያው ችግር ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ድርና ማግ የሚቀያየሩባችሁ ደግሞ የደሴ አንድ አዛውንት ሸማኔ ለተማሪዎቻችን ያሉትን ካርዱ ጥግ ላይ ጻፉት። «ድር ይወጠራል፣ ማግ ይወረወራል፤ በቃ ልጆቼ» አሏቸው። ዋርፕ የሚወጠረው፣ ዌፍት የሚወረወረው ነው። እነዚህ ቃላት እናት አባቶቻችን የሚያውቋቸው ስለሆኑ በእንግሊዝኛ ድምፅ መተዋቸው አይታየኝም።

ምልክት፦ ቃሉ ይታወቃል፣ ስሌቱ ግን ይገለበጣል

ያርን ካውንት። ብዙዎች ከጀርባ «የፈትል ቁጥር» ይላሉ፤ አልተሳሳቱም። ግን «20 እና 40 የትኛው ይቀጥናል?» ስትሏቸው ግማሹ አንዱን፣ ግማሹ ሌላውን ይመልሳል። ሁለቱም ወገን ልክ ሊሆን ይችላል፤ ካርዱ የትኛው አለካክ እንደሆነ አይናገርማ።

በጥጥ ፋብሪካ የተለመደው የእንግሊዝ አለካክ Ne ይባላል። አንድ ፓውንድ ከሚመዝን ፈትል ስንት 840 ያርድ እንደሚወጣ ይቆጥራል። Ne 20 ከሆነ አንድ ፓውንድ ፈትል 20 ጊዜ 840፣ ማለትም 16,800 ያርድ ይረዝማል። Ne 40 ከሆነ በዚያው ክብደት እጥፍ ይረዝማል፤ ስለዚህ የቀጠነ ነው። እዚህ ቁጥሩ ሲያድግ ፈትሉ ይቀጥናል።

ቴክስ የሚባለው አለካክ ደግሞ 1,000 ሜትር ፈትል ስንት ግራም እንደሚመዝን ይነግረናል። ቁጥሩ ሲያድግ ፈትሉ ይወፍራል። አቅጣጫቸው ተቃራኒ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው የምንሄደው በዚህ ነው፦

```
tex = 590.5 / Ne
```

በቁጥር እንየው። Ne 20 ማለት 29.5 ቴክስ ገደማ ነው። Ne 40 ደግሞ 14.8 ገደማ። የ Ne ቁጥር በእጥፍ ሲያድግ የቴክሱ በግማሽ ወረደ።

መፍትሄው ካውንት የሚለውን ካርድ ለሁለት መክፈል ነው። አንዱ «ካውንት በ Ne»፣ ጀርባው ላይ «ትልቅ ቁጥር ቀጭን ፈትል»። ሌላው «ካውንት በቴክስ»፣ ጀርባው ላይ «ትልቅ ቁጥር ወፍራም ፈትል»። ከሁለቱም ሥር 20 እና 40ን በምሳሌነት አስገቡ። የአለካክ ስም የሌለበት የካውንት ካርድ ካገኛችሁ ቅደዱት፤ ከሚጠቅመው የሚያሳስተው ይበልጣል።

ምልክት፦ በቡድን የተሠራ ካርድ ፍለጋ ላይ አይገኝም

አንኪ በሚባለው የካርድ መተግበሪያ ላይ ካርድ የምትጋሩ ከሆነ ይሄ ያጋጥማችኋል። አንዱ «ጸጉራምነት»፣ ሌላው «ፀጉራምነት» ብሎ ይጽፋል። ለኛ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ጸ እና ፀ የተለያዩ ፊደላት ስለሆኑ አንዱን ስትፈልጉ ሌላው አይመጣም። ሰ እና ሠ፣ ሀ እና ሐ፣ አ እና ዐ ላይም እንደዚያው። ቡድኑ ካርድ ከመጀመሩ በፊት የትኛውን እንደሚጠቀም ይስማማ። የቆየውን ፋይል ደግሞ በፈልግና ተካ አስተካክሉ።

አማርኛው የጥያቄ ምልክት ድርድር ሆኖ ከገባ ፋይሉ ከኤክሴል በተራው CSV ተቀምጧል ማለት ነው። ከዚያ ፋይል ፊደሉን መልሶ ማውጣት አይቻልም። ወደ ዋናው የኤክሴል ፋይል ተመለሱና CSV UTF-8 የሚለውን መርጣችሁ እንደገና አስቀምጡ። ዋናውን ፋይል አንድ ሰው ይያዘው፤ አዲስ ቃል የሚጨምር ሁሉ በእሱ በኩል ያስገባ።