የጊዜ ማራዘሚያ ደብዳቤያችሁ ለምን ይመለሳል?

ደብረ ብርሃን ላይ ሆኜ የአነስተኛ ተቋራጮችን ደብዳቤ እጽፋለሁ። ሰኔ ሲመጣ ስልኬ አያርፍም። ሁሉም የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ጊዜ ይራዘምልን።

ምልክት፦ መልስ የለም።
ደብዳቤው ለአማካሪው መሐንዲስ ሳይሆን በቀጥታ ለአሠሪው ሄዶ ይሆናል። ለአማካሪው ጽፋችሁ ለአሠሪው ግልባጭ አድርጉ።

ምልክት፦ «ምክንያቱ አልተብራራም» ተብሎ ተመለሰ።
ከአሥር ደብዳቤ ስምንቱ እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው። ይዘቱን በቃሌ አውቀዋለሁ፦ «በዝናብና በሲሚንቶ እጥረት ምክንያት አንድ ወር እንዲጨመርልን»። ክረምት በየዓመቱ ይመጣል። ውሉን ስትፈርሙ መንዝ ላይ በሐምሌ እንደሚዘንብ ታውቁ ነበር። ብዙ ውሎች ከወትሮው የከፋ ዝናብ ካልሆነ አይቀበሉም። «አንድ ወር» ደግሞ ከየት መጣ? ሳይቆጠር የተጻፈ ቀን ያስታውቃል።

አምና መንዝ ውስጥ መሐል ሜዳ አካባቢ አራት ክፍል የሚሠራ ተቋራጭ እንዲሁ ተመልሶበት መጣ። ውሉ 180 ቀን ነው፤ ከጥር 1 እስከ ሰኔ 30። ደብዳቤውን የጻፈው ሰኔ 24 ነበር። የሳይት መዝገቡን አምጣ አልኩት። ተቀምጠን ገጽ በገጽ አየነው።

የካቲት ላይ መሠረቱ ሲቆፈር ዋልካ አፈር ወጣ። አማካሪው ጠልቆ እንዲቆፈር በጽሑፍ አዘዘ። ይህ 11 ቀን ወሰደ። ግንቦት ላይ ደግሞ ግድግዳው አልቆ 14 ቀን ምንም አልተሠራም። ለምን? ሰውዬው አንገቱን ደፋ። የጣሪያውን እንጨትና ቆርቆሮ ያዘዘው ዘግይቶ ነው። «ይህንንማ እንዴት እጽፋለሁ ጋሼ?» አለኝ። ትጽፈዋለህ! አማካሪው ሳይት ይመላለሳል፤ ባዶውን ግድግዳ በዓይኑ አይቷል። ያንን ደብቃችሁ ዝናብ ስታሳብቡ እውነተኛዋ 11 ቀንም አብራ ትጠረጠራለች።

ስለዚህ በሁለት ከፍለን ጻፍነው፦ «11 ቀን በታዘዘው ተጨማሪ ቁፋሮ ምክንያት፤ ትዕዛዙና የመዝገቡ ገጾች ተያይዘዋል። 14 ቀን በእኛ የዕቃ ግዥ መዘግየት ነው፤ ለእነዚህ ቀናት በውሉ መሠረት ቅጣት እንደሚታሰብ እናውቃለን።»

አማካሪው 11ዱን ፈቀደ። በእሱ ውል ቅጣቱ በቀን ከሥራው ዋጋ 0.1 በመቶ ስለነበር በ14 ቀን 1.4 በመቶ ተቆረጠበት። ደብዳቤው ባይስተካከል 25ቱም ቀን ይቆረጥበት ነበር።

11ዷን ያተረፈለት ግን የእኔ ብዕር አይደለም። ፎርማኑ ያኔውኑ የካቲት ላይ «ይህ ትዕዛዝ ጊዜ ይወስድብናል» ብሎ ባለ አንድ ገጽ ማሳወቂያ አስገብቶ፣ ተቀባዩን አስፈርሞ ነበር። ይህን አትዝለሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው፣ ፊዲክ የሚባለው ዓለም አቀፍ የግንባታ ውል ለምሳሌ ችግሩ ከታወቀ በ28 ቀን ውስጥ ካልተገለጸ ማራዘሚያ የለም ይላል። የእናንተ ውል ስንት ቀን እንደሚል ዛሬውኑ እዩ። ደብረ ሲና በኩል የቦይ ሥራ የነበረው ሌላ ደንበኛዬ ምክንያቱ ፍጹም ትክክል ነበር፤ ያሳወቀው ግን ከሦስት ወር በኋላ ነው። አንድም ቀን አላገኘም። በቃል ነግሬያቸዋለሁ አትበሉኝ፤ በቃል የተነገረ አልተነገረም።

ምልክት፦ ጊዜው ተራዘመ፣ እንደገና አለፈ።
መንስኤው የመጨረሻውን ቀን ብቻ መግፋት ነው። አዲሱ መርሐ ግብር ከቀረው ሥራ ተነስቶ ይቆጠራል። ዝናቡም ቦታው እዚህ ነው፤ በምክንያቱ ሳይሆን በመርሐ ግብሩ ውስጥ።

የመንዙን ሥራ እንዲህ ቆጠርነው። ቆርቆሮ ማልበስ የ5 ቀን ሥራ ነው፤ እርጥብ እንጨት ላይ ሰው ስለማይወጣ 8 ቀን ያዝን፣ ከሰኔ 27 እስከ ሐምሌ 4። የውስጥ ልስን የ6 ቀን ሥራ ነው። ሆኖም ሐምሌ 5 ጴጥሮስ ወጳውሎስ፣ 7 ሥላሴ፣ 12 ሚካኤል፣ በመሃል ደግሞ እሁድ አለ። በነዚህ ቀናት ሠራተኛ አገኛለሁ የሚል መንዝን አያውቅም። እስከ 14 ያዝን። ወለሉ እስከ 19፣ ቀለም እስከ 25። ወለሉን ከቀለም ያስቀደምነው ልስኑ እስኪደርቅ ነው። በዚያ ብርድ እርጥብ ልስን ላይ የተቀባ ቀለም መስከረም ሳይጠባ ይላጣል። ርካሽ ቀለም ከሆነማ አታንሱብኝ።

ድምሩ ከሰኔ 30 በኋላ 25 ቀን ሆነ፤ ከ11 እና 14ቱ ጋር ገጠመ። ሳይገጥም ቢቀር ኖሮ አንዱ ቆጠራ ስህተት አለው ማለት ነው፤ ወይም የረሳነው ምክንያት አለ።

ምልክት፦ ተራዝሞም ክፍያ ተያዘ።
አልፎ አልፎ ያጋጥማል። የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትናው በድሮው ቀን አብቅቶ ይሆናል። ባንክ ሄዳችሁ አስረዝሙት።