ቴሌቪዥኑ በርቶ እንዳያድር፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ውስጥ ዲሽ ስተክልና ቴሌቪዥን ስጠግን ሁለት ዓይነት ቅሬታ በብዛት ይገጥመኛል። አንዱ ቤት «እንቅልፍ ጥሎን በርቶ አደረ» ይሉኛል፤ ሌላው ቤት ደግሞ «እያየነው ድርግም ብሎ ጠፋ» ይሉኛል። ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ ብልሽት አይደሉም። በተመሳሳይ ጥቂት ስህተቶች የሚመጡ ስለሆነ አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

ቴሌቪዥኑንና ሪሲቨሩን እንደ አንድ ዕቃ መቁጠር

ይህ ከሁሉም የከፋው ነው፤ ሌሎቹም ስህተቶች በአብዛኛው ከዚሁ ይወለዳሉ። ቤታችን ውስጥ የሚሠራው ሪሞት የሪሲቨሩ ነው። የቴሌቪዥኑ ሪሞት ከነላስቲኩ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። ስለዚህ ሰው ማታ የመኝታ ሰዓት መሙላት ሲፈልግ የሪሲቨሩን ሜኑ ከፍቶ እዚያ ያገኘውን Sleep Timer ይሞላል። ሰዓቱ ሲደርስ የሚተኛው ሪሲቨሩ ብቻ ነው። ቴሌቪዥኑ ሥዕል የሚልክለት አጥቶ No Signal ጽፎ ይቀመጣል። ምልክት ሲጠፋ ራሱን የሚያጠፋ ዓይነት ከሆነ በ10 ወይም በ15 ደቂቃ ይተኛል፤ ካልሆነ ግን ሳሎኑን እያበራ ያነጋል።

እባካችሁ ሰዓቱን ቴሌቪዥኑ ላይ ሙሉ። ያን ጊዜ ሪሲቨሩ ብቻውን በርቶ ቢያድር እንኳ የሚፈጀው መብራት ትንሽ ነው፤ ድምፅም ብርሃንም የለውም፣ ሕፃን አይቀሰቅስም።

«ምልክት ከሌለ ራሱ ይጠፋል» ብላችሁም አትተማመኑ። No Signal የሚል ጽሑፍ ከሁለት ቦታ ሊመጣ ይችላል። ክረምት ላይ ዝናቡ ሲከብድ ወይም ዲሹ ሲነቃነቅ ጽሑፉን የሚጽፈው ሪሲቨሩ ነው፤ ለቴሌቪዥኑ ግን ያ ጽሑፍ ራሱ እንደማንኛውም ሥዕል ስለሚቆጠር አይተኛም። ለመለየት የሪሲቨሩን ሪሞት አንሡና Menu ተጫኑ። ሜኑው ከመጣ ሪሲቨሩ ነቅቷል፣ ጽሑፉም የእሱ ነው።

ራስ አጥፊውን «ተበላሽቷል» ብሎ መዝጋት

ብዙ ቴሌቪዥኖች Auto Power Off ወይም Auto Standby የሚባል ቅንብር አላቸው። ሪሞት ሳይነካ ረጅም ሰዓት ሲያልፍ፣ ብዙ ጊዜ 4 ሰዓት ሲሞላ፣ ራሱን ያጠፋል። ችግሩ ቴሌቪዥኑ የሚቆጥረው የራሱን ሪሞት ብቻ መሆኑ ነው። በሪሲቨሩ ሪሞት ቻናል ስትቀያይሩ ብታመሹ ለእሱ ቤቱ ውስጥ ሰው የለም።

ጠባሴ አካባቢ አንዲት እናት ጠሩኝ። ሌላ ሱቅ «ፓወሩ ሞቷል፣ ቦርድ ይቀየር» ብሏቸዋል። እሑድ እሑድ ጠዋት ይከፍቱታል፤ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ይጠፋል።

«እናቴ፣ ድምፁን በየትኛው ሪሞት ነው የሚጨምሩት?» አልኳቸው።

«በዚህኛው ነዋ ልጄ! የቴሌቪዥኑማ እንዳይበላሽብኝ አስቀምጨዋለሁ።»

ሲከፈትና ሲጠፋ ያለውን ሰዓት ስንቆጥረው በየጊዜው አራት ሰዓት ሆነ። ሊጠፋ ሲል ስክሪኑ ጥግ ላይ አንድ ጽሑፍ ብቅ እንደሚልም የልጅ ልጃቸው ነገረኝ። ሲጠፋ ቀይ መብራቱ ሳይርገበገብ ይበራል፤ አንዴ ሲጫኑት ይነሣል። የሚነካ ቦርድ አልነበረም። ብልሽት ቢሆን ኖሮ አንዴ በሃያ ደቂቃ፣ አንዴ በሁለት ሰዓት ይጠፋ ነበር፤ መብራቱ ይርገበገብ ወይም ጭራሽ ይጨልም ነበር፤ ሲጫኑትም ቶሎ እሺ አይልም።

የሚያናድደኝ ይህን ያወቀ ባለሙያ እንኳ የሚሰጠው መፍትሔ ነው፦ ቅንብሩን Off አድርጎ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ቴሌቪዥኑ ሌሊቱን ሙሉ ቢበራ የሚያስቆመው የለም። እኔ ያደረግኩት ሪሞቱን ከላስቲኩ አውጥቼ ባትሪ መግጠም ነው። ቻናሉን በሪሲቨሩ፣ ድምፁን በቴሌቪዥኑ ሪሞት ይቀይሩ። ድምፅ በተነካ ቁጥር የአራት ሰዓቱ ቆጠራ እንደ አዲስ ይጀምራል። ሰው ነቅቶ እያየ አራት ሰዓት ሙሉ ድምፅ ሳይነካ አይቀመጥም፤ ካልነካ ተኝቷል ማለት ነው።

Sleep Timer አንዴ ከተሞላ ይበቃል ማለት

የዛሬን ሌሊት ብቻ ነው የሚያገለግለው። ነገ ማታ እንደገና 30፣ 60 ወይም 90 ደቂቃ ብላችሁ ትሞላላችሁ። ሳይሞሉት የሚሠራው ከላይ ያልኩት ራስ አጥፊው ነው።

«ማታ 5 ሰዓት» ብሎ 05:00 መሙላት

አንዳንዱ ቴሌቪዥን በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት የሚጠፋበት Off Time አለው። ድራማው አልቆ ቤተሰብ የሚተኛው ማታ 5 ሰዓት ነው ብላችሁ 05:00 ከሞላችሁ፣ ቴሌቪዥኑ የሚጠፋው ሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ነው፤ ያኔ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ሰው ተነሥቷል። ዕቃው የሚያውቀው የፈረንጁን ባለ 24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። የማታውን ሰዓት ለማግኘት የኛ ሰዓት ላይ 18 ደምሩ፦ ማታ 3 ሰዓት 21:00፣ ማታ 5 ሰዓት 23:00 ይሆናል። የሌሊት 6 ሰዓት 00:00 ነው፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ንጋት ባለው ሰዓት ላይ 6 ቀንሱ።

ይህን አስተካክላችሁም ሰዓቱ ካልተገጣጠመ ሜኑው ውስጥ ያለውን ሰዓት ተመልከቱ። Time Zone ዜሮ ላይ ከተተወ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ 23:00 ብላችሁ የሞላችሁት ሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ይደርሳል። GMT+3 አድርጉት።

መብራት ሲሄድ «ጠፋልን» ብሎ መተኛት

ማታ እያያችሁ መብራት ይሄዳል። ብርዱም ስለሚጫን ሁሉም ወደ አልጋው ይገባል፣ ሶኬቱን የሚያስታውስ የለም። የሞላችሁት Sleep Timer ከመብራቱ ጋር ተሰርዟል። መብራቱ ሌሊት ሲመለስ አንዳንዱ ቴሌቪዥን ቀይ መብራት ብቻ አብርቶ ይጠብቃል፤ አንዳንዱ ግን በርቶ እንደነበረ ያስታውስና በዚያው ድምፅ ይነሣል። የናንተው የትኛው እንደሆነ ቀን ላይ ሞክሩት፦ በርቶ እያለ ማከፋፈያውን አጥፉ፣ አንድ ደቂቃ ቆዩና መልሱት። ሥዕል ከመጣ ሁለተኛው ዓይነት ነው።

አንዳንዶቹ ላይ ይህን የሚወስን Power On Mode የሚባል ቅንብር ሜኑው ውስጥ አለ፤ Standby ላይ አድርጉት። ከሌለ ለጠጋኝ ብቻ የተሠራውን ድብቅ ሜኑ ፍለጋ በሪሞት ቁጥር አትደርድሩ፤ እዚያ ውስጥ አንድ ነገር ተሳስቶ ሥዕሉ የተገለበጠበት ቴሌቪዥን ተሸክመው ያመጡልኝ አሉ። መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ክረምት ላይ ከመብረቅም ያድናል። ረስታችሁ ብትተኙም Auto Power Off ካልተዘጋ መብራቱ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ቢመጣ ቆጠራው ከዚያ ይጀምርና 11 ሰዓት ላይ ያጠፋዋል።