ሰርቬያችሁ ትንሽ ከሆነ ከሽያጭ ሪከርዱ ጀምሩ

ደንበኞቻችሁን በግሩፕ ለመክፈል እጃችሁ ላይ ያለው 80 ሰው የሞላው ሰርቬይና የድሮ ሽያጭ ሪከርድ ብቻ ከሆነ ክፍፍሉን ከሰርቬዩ እንዳትጀምሩት። መጀመሪያ ሪከርዱን ኤክሴል ላይ አውጡና እያንዳንዱ ደንበኛ መጨረሻ የገዛው መቼ ነው፣ በዓመት ስንቴ ገዛ የሚለውን አስሉ፣ ከዛ ሶስት ግሩፕ ይበቃል፦ ቶሎ ቶሎ የሚገዙ፣ አልፎ አልፎ የሚመጡ፣ የጠፉ። ሰርቬዩ የሚገባው አሁን ነው፣ በስልክ ቁጥር አገናኙትና ማን የት እንደወደቀ እዩ። ከ80ው 52ቱ ቶሎ ቶሎ ገዢ፣ 19ኙ አልፎ አልፎ፣ 9ኙ የጠፉ ሆኑ እንበል (ፎርም የሚሞላላችሁ ብዙውን ጊዜ ያው የሚወዳችሁ ሰው ነው፣ ስለዚህ የ80ውን አማካይ የሁሉም ሀሳብ ነው ብላችሁ እንዳትወስዱት)። ከ9ኙ 3ቱ "ዋጋው ተወደደብኝ" ቢሉ 33 ፐርሰንት ብላችሁ እንዳትጽፉ፣ አንድ ሰው መልሱን ቢቀይር እኮ 11 ፐርሰንት ይንቀሳቀሳል፤ እንደ ፍንጭ ያዙትና ሰርቬዩን ካልሞሉት፣ ሪከርዱ ላይ ከጠፉት ውስጥ ሌላ አስራ አምስት ሰው ጋ ደውሉ። ክፍፍሉ የሚያስኬድ መሆኑን ለማየት ደግሞ በመጀመሪያው 6 ወር ዳታ ብቻ ከፍላችሁ ቶሎ ቶሎ ገዢ ያላችኋቸው በቀጣዩ 6 ወርም ከሌሎቹ በላይ ገዝተው እንደሆነ ቼክ አድርጉ፣ ልዩነቱ ከጠፋ ግሩፑ የአጋጣሚ ነው፣ መለያውን ቀይሩት።