የ«ሀ» ትምህርት በ«መ» ሲከፈት፦ በተከታታይ ቪዲዮ ቅንብር ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ውጭ አገር ለሚያድጉ ልጆች ፊደል የሚያስተምር ተከታታይ ቪዲዮ በፕሪሚየር ፕሮ አቀናብራለሁ። በየሳምንቱ አንድ የፊደል ቤት እንወስዳለን፤ መጀመሪያ ከሀ እስከ ሆ፣ ቀጥሎ ከለ እስከ ሎ፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። መምህሯም ግድግዳውም ነጩ ሰሌዳም ሁልጊዜ እነዚያው ናቸው። ተመልካቹ ልጅ አሥረኛውን ክፍል ሲከፍት በመጀመሪያው ክፍል ባየው ቤት ውስጥ እንዳለ እንዲሰማው ስለምንፈልግ፣ ሥራው በሙሉ በፕሪሴት፣ በአድጀስትመንት ሌየርና በየክፍሉ ተመልሶ በሚገባ ሲኩዌንስ ላይ ቆሟል። ከታች የዘረዘርኳቸውን ስህተቶች ሁሉንም ሠርቻቸዋለሁ፤ አንዱን እንዲያውም ሁለት ጊዜ።

የሚለዋወጥ ጽሑፍን በጋራ ሲኩዌንስ ውስጥ ማስቀመጥ

መክፈቻችን 10 ሰከንድ ነው። አርማው ይንቀሳቀሳል፣ አጭር ዜማ ይሰማል፣ መጨረሻ ላይ የሳምንቱ ፊደል ጎልቶ ይወጣል። ይህን ሁሉ በአንድ ሲኩዌንስ ሠራሁና ወደ ዋናው ታይምላይን እንደ አንድ ክሊፕ አስገባሁት፤ ኔስት የሚባለው ይህ ነው። ሁለተኛውን ክፍል ስጀምር የመጀመሪያውን ሲኩዌንስ Duplicate አደረግሁ፤ መክፈቻውን ከፍቼ «ሀ»ን በ«ለ» ተካሁ። ሦስተኛውና አራተኛው ክፍልም በዚሁ መንገድ ተሠሩ። ወር ሲሞላ በመጀመሪያው ክፍል መዝጊያ ላይ የተሳሳተ ስም አርመን እንደገና ማውጣት ነበረብን። ፋይሉን ከፍቼ ስመለከት የ«ሀ» ትምህርት በ«መ» ይጀምራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። Duplicate የሚያባዛው የውጭውን ሲኩዌንስ ብቻ ነው። በውስጡ የተቀመጠው መክፈቻ አይባዛም፤ አራቱም ክፍሎች ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ። ምንጩ ሲነካ አራቱም ይለወጣሉ። ቀደም ብለው የወጡት ፋይሎች ግን ስለማይነኩ ስህተቱ ተደብቆ ይቆያል፤ ብቅ የሚለው አንድ አሮጌ ክፍል እንደገና በሚወጣበት ቀን ነው።

አሁን በጋራው ሲኩዌንስ ውስጥ አርማውና ዜማው ብቻ ይኖራሉ። ፊደሉን ከዚያ አውጥቼ በላይኛው ትራክ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ጽሑፉን አንድ ጊዜ አሳምሬ ከሠራሁ በኋላ Export As Motion Graphics Template ብዬ `.mogrt` ፋይል አደረግሁት። ወደ አዲስ ክፍል ስጎትተው ፎንቱ፣ ቀለሙና እንቅስቃሴው አብረውት ይመጣሉ፤ የምጽፈው ፊደል ግን የዚያ ክፍል ብቻ ይሆናል። አንድ ጥንቃቄ ይጨመርበት፦ የግዕዝ ፎንቱ ባልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራሙ ሌላ ፎንት ይተካበታል።

ኔስት ሌላም ወጥመድ አለው። መክፈቻውን ከ10 ወደ 8 ሰከንድ ቢያሳጥሩት በየክፍሉ የተቀመጠው ክሊፕ አያጥርም። የተረፉት 2 ሰከንዶች ጥቁርና ድምፅ አልባ ሆነው ይቀራሉ። ቢያስረዝሙት ደግሞ ጭማሪው ክሊፑን በእጅዎ እስኪጎትቱት ድረስ አይታይም። ስለዚህ የመክፈቻው ርዝመት ተከታታዩ ከመጀመሩ በፊት ቢወሰን ብዙ ድካም ይቀንሳል።

አድጀስትመንት ሌየሩን ከሁሉም በላይ መዘርጋት

አድጀስትመንት ሌየር ከበታቹ ያለውን ትራክ ሁሉ ይቀባል። የእኛ ቀለም ሞቅ ያለ ስለሆነ፣ ሌየሩ ከላይ በነበረበት ጊዜ ነጩ ፊደል ወደ ቅቤ ቀለም አዘንብሎ ነበር፤ ለማስተዋልም ጊዜ ወስዶብኛል። አሁን ቀረጻው V1 እና V2 ላይ፣ ሌየሩ V3 ላይ፣ ጽሑፍና አርማ ከV4 ጀምሮ ይቀመጣሉ። ሌየሩ የሚጀምረውም መክፈቻው ካለቀ በኋላ ነው።

ክፍሉ በመጨረሻው ሰዓት ሲረዝም ሌየሩ ቀድሞ ያልቃል፤ መምህሯ ልጆቹን ስትሰናበት ፊቷ በድንገት ይገረጣል። ወደ ታይምላይኑ ጫፍ ሄዶ ማየት በቂ ነው። ከክፍሉ ላይ ለስልክ የሚሆን ቁመታም ቅንጭብ የሚያወጡ ከሆነ ደግሞ ሌየሩን በዚያው መጠን እንደ አዲስ ይፍጠሩት። በ1920 በ1080 የተፈጠረ ሌየር በ1080 በ1920 ሲኩዌንስ ውስጥ መሀሉን ብቻ ይሸፍናል፤ ከላይና ከታች 420 ፒክስል ሳይቀባ ይቀራል።

እርማትንና መልክን በአንድ ፕሪሴት መጫን

ሁለት ጊዜ የሠራሁት ይህንን ነው።

የመጀመሪያው ክፍል የተቀረጸው በደመናማ ቀን፣ በመስኮት ብርሃን ነበር። ምስሉ ጨለም ብሎ ወደ ሰማያዊ ያዘነብላል። በ Lumetri Color ሙቀቱን ጨመርሁ፣ ብርሃኑን ከፍ አደረግሁ፣ በዚያው ላይ የተከታታዩን መለያ የሚሆነውን ለስላሳ ጥላና ሞቅ ያለ ቀለም ደረብሁና ሁሉንም በአንድ ፕሪሴት አስቀመጥሁት። አራተኛው ክፍል ግን የተቀረጸው በጠራራ ፀሐይ ነበር። ያው ፕሪሴት ሲጫንበት የመምህሯ ፊት ብርቱካን መሰለ፤ የነጠላዋ ሽመናም በነጭ ተውጦ ጠፋ። ፕሪሴቱ የተሸከመው የተከታታዩን መልክ ብቻ አልነበረም፤ የአንድ ደመናማ ቀን መድኃኒትም አብሮት ነበር።

ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። እርማቱ በክሊፑ ላይ ይሠራል፤ በየቀረጻው ቀን ይለያያል። መልኩ በአድጀስትመንት ሌየሩ ላይ ይቀመጣል፤ ከክፍል ክፍል አይነካም። ፕሮግራሙ የክሊፑን እርማት አስቀድሞ አስልቶ የሌየሩን በዚያ ላይ ስለሚጨምር፣ መልኩ ሁልጊዜ የተስተካከለ ምስል ያገኛል።

እርማቱን በዓይን ብቻ አልሠራም። Comparison View ከፍቼ የመጀመሪያውን ክፍል አንድ ፍሬም በጎን አስቀምጣለሁ፤ ሌየሩን ለጊዜው አጥፍቼ በ Lumetri Scopes ውስጥ RGB Parade እመለከታለሁ። ነጩ ሰሌዳ በሚታይበት ቦታ ቀዩ፣ አረንጓዴውና ሰማያዊው እኩል ከፍታ ላይ ከሆኑ ነጩ በእርግጥ ነጭ ነው። ሰማያዊው ከፍ ካለ ሙቀት እጨምራለሁ። ፊቷን ትቼ ሰሌዳውን የምለካው እሷ ስለምትንቀሳቀስ፣ ሰሌዳው ግን ስለማይንቀሳቀስ ነው።

ይህ ሁሉ የማይጠግነው ነገር አለ። ሲቀረጽ የተቃጠለ ነጭ በኋላ አይመለስም። የካሜራው ዋይት ባላንስ በአውቶማቲክ ከተተወ ደግሞ ቀለሙ በአንድ ክሊፕ መካከል ይቀያየራል፤ ለመጀመሪያው ደቂቃ የሚሆነው እርማት ለሦስተኛው አይሆንም።

ፕሪሴቱ ሲታደስ የቀድሞውም አብሮ የሚታደስ መምሰል

ኔስት ምንጭ ከሆነ ፕሪሴት ማኅተም ነው። ማኅተሙን እንደ አዲስ ቢቀርጹት አስቀድሞ የተመታው ወረቀት አይለወጥም። አዲሱን ፕሪሴት በአሮጌው ላይ መጎተት ደግሞ የባሰ ነው፤ Lumetri አይተካም፣ ሁለተኛ ሆኖ ይደረባል፣ ቀለሙም እጥፍ ይሆናል። Effect Controls ውስጥ ስሙ ሁለት ጊዜ ከተጻፈ አሮጌውን ይሰርዙት። Motion ግን ይህ ችግር የለበትም፤ የቀድሞው በአዲሱ ይተካል።

እንቅስቃሴ ያለበት ፕሪሴት ሲያስቀምጡ Scale የሚለውን ትተው Anchor to In Point ይምረጡ። በ5 ሰከንድ ክሊፕ ላይ 1 ሰከንድ የሚፈጅ የማቅረብ እንቅስቃሴ፣ በ Scale ከተቀመጠ በ20 ሰከንድ ክሊፕ ላይ 4 ሰከንድ ይንፏቀቃል።

ፕሪሴቶቹ የሚኖሩት በኮምፒውተሩ ውስጥ እንጂ በፕሮጀክቱ ውስጥ ስላልሆነ በ `.prfpset` ፋይል አውጥተው ከቀረጻው ጋር ያስቀምጧቸው። የእኔ ኮምፒውተር ፎርማት ሲደረግ ፕሪሴቶቹ በሙሉ ጠፉ። ያዳነኝ የአምስተኛው ክፍል ሌየር ነው፤ የተጫነበት ቀለም በፕሮጀክቱ ውስጥ እንዳለ ስለነበር ከዚያ ላይ Save Preset ብዬ መልሼ አወጣሁት።