ደመወዝ ሲዘገይ፣ ካሽ ሲወጣ፦ በወር ከመቶ ስንት ነው የሚተርፈኝ?

አዲስ አበባ ውስጥ ተቀጥራ የምትሠራ አንዲት ሴት እናስብ። ግብርና 7 ከመቶው የጡረታ መዋጮ ተቆርጦ እጇ ላይ የሚደርሰው 18,000 ብር ነው። ደመወዙ ይከፈላል፣ ቀኑ ግን አይታወቅም። አንዳንዴ ወሩ ሳያልቅ ይገባል፣ አንዳንዴ ቀጣዩን ወር ተሻግሮ ይመጣል። ገንዘቡ እንደገባ ከኤቲኤም ታወጣለች። ቴሌብር ላይ ትንሽ ታስቀምጣለች፣ እቁብም ትጥላለች። ጥያቄዋ አንድ ነው፤ ከደመወዜ ከመቶ ስንት እየቆጠብኩ ነው?

የ2018ን ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር ይዘን እናስላላት። ጡረታውን ከገቢም ከቁጠባም እናወጣዋለን፤ አሁን ልትነካው አትችልምና።

ምልክት፦ አንዱ ወር 48 ከመቶ፣ ሌላው 31፣ ሦስተኛው ጭራሽ አይሰላም

ስቴትመንቷን ብቻ ብናይ እንዲህ ነው። ኅዳር 1 ጠዋት ሂሳቧ ላይ 6,200 ብር ነበር። በኅዳር ሁለት ደመወዝ ገባ፤ የዘገየው የጥቅምት በ4፣ የኅዳር ደግሞ በ28። ወሩ ሲያልቅ ሂሳቡ 23,400 ሆነ። ከገባው 36,000 ውስጥ 17,200 ቀረ ማለት ነው፣ 48 ከመቶ። ለገና ሲባል የታኅሣሥ ደመወዝ በ25 ተከፈለ። በዚያው ወር የእቁብ 20,000 ብር ስለወጣላት ወሩን በ35,000 ዘጋች፤ 31 ከመቶ። የጥር ደመወዝ የመጣው የካቲት 6 ነው። ስለዚህ በጥር የገባ ምንም የለም፣ ሂሳቡም ወደ 20,900 ወረደ። ለዜሮ ማካፈል ስለማይቻል ስሌቱ እዚህ ላይ ይቆማል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ደመወዙ የተቆጠረው በገባበት ቀን እንጂ በተሠራበት ወር አይደለም።

ብዙ ሰው ይህን ሲያስተካክል ግማሹን ብቻ ያስተካክላል። የጥርን ደመወዝ ወደ ጥር ይመልስና ሂሳቡን እንዳለ ይተወዋል። ያኔ ጥር ገቢው 18,000 ይሆናል፣ ሂሳቡ ግን 14,100 ቀንሷል፤ ውጤቱ ከዜሮ በታች 78 ከመቶ! ደመወዙን ወደ ወሩ ከመለስን፣ ጥር 30 ላይ ገና ያልተከፈለውን 18,000 ብርም እንደ ንብረቷ መቁጠር አለብን። ቀጣሪዋ ለእሷ ያለበት ዕዳ ነው፣ ሠርታበታለች። እንዲህ ሲደረግ ጥር 3,900 ብር አትርፋ ትወጣለች። ኅዳር ደግሞ በተራው ይጋለጣል፤ ወሩ ሲጀምር የጥቅምት 18,000 ገና አልተከፈለም ነበር፣ ሲያልቅ ግን የሚጠበቅ ደመወዝ የለም። ስለዚህ ያ 48 ከመቶ የተባለው ወር፣ ባንኩና የሚጠበቀው ደመወዝ ብቻ ሲታዩ 800 ብር የጎደለበት ወር ነው።

እዚህ ላይ ቀኖቹንም ልብ በሉ። የባንክ ስቴትመንት የሚወጣው በፈረንጅ ቀን ነው፤ የእሷ ደመወዝና የቤት ኪራይ የሚሄደው በኛ ወር ነው። ኅዳር 1 የዋለው ኖቬምበር 10፣ ጥር 30 ደግሞ ፌብሩዋሪ 7 ነው። ስቴትመንት ስትጠይቁ ጊዜውን በእነዚህ ቀኖች ቁረጡት። ከኖቬምበር 1 እስከ ጃንዋሪ 31 ከወሰዳችሁ የሌላ ወር ኪራይ ሊገባባችሁ ይችላል።

ምልክት፦ ስቴትመንቱ ብዙ ገቢ ያሳያል፣ ሰውዬው ግን ያን ያህል አያገኝም

በሦስቱ ወራት ሂሳቧ ውስጥ የገባው በድምሩ 74,000 ብር ነው። ደመወዟ ግን ሦስት ጊዜ 18,000፣ ማለትም 54,000 ነው። ልዩነቱ እቁቡ ነው።

የእቁብ እጣ ገቢ አይደለም። የእሷ እቁብ አሥር ሰው ነው፣ በወር 2,000 ብር ይጣላል። ከኅዳር በፊት አራት ጊዜ ጥላ ስለነበር እቁቡ ውስጥ 8,000 ብር ነበራት። ይህ ቁጠባ ነው፣ ስቴትመንቱ ላይ ወጪ ቢመስልም። በሦስቱ ወራት 6,000 ጨመረች፣ በመካከሉም 20,000 ወሰደች። ጥር 30 ላይ የጣለችው 14,000፣ የወሰደችው 20,000 ነው። ስለዚህ እቁቡ የ6,000 ብር ዕዳ ሆኖባታል። እጣ ቶሎ የወጣለት ሰው ሀብታም የሆነ የሚመስለው ለዚህ ነው፤ የቀረውን ገና ይጥላል።

የተመለሰ ብድር፣ ከራስ ቴሌብር ወደ ባንክ የተላለፈ ገንዘብ፣ ለመሥሪያ ቤት ከኪስ አውጥተው የተተካላችሁ ሒሳብም እንደዚሁ ገቢ አይደሉም። የመስክ አበል ትንሽ ይለያል። ከሆቴልና ከምግብ የተረፈው ብቻ ገቢ ነው።

ምልክት፦ ከኤቲኤም የወጣው ሁሉ የጠፋ ይመስላል

በሦስቱ ወራት 35,500 ብር ካሽ አውጥታለች። ይህን ሁሉ ወጪ ብሎ መጻፍ ቀላሉ ስህተት ነው። ካሽ ማውጣት ማለት ገንዘቡ ከባንክ ወደ ኪስ ተዛወረ ማለት ብቻ ነው። ወጪ የሚሆነው ከኪስ ሲወጣ ነው።

የታክሲውንና የጉልቱን እያንዳንዱን ብር መጻፍ ግን አያስፈልግም። እኔ ሰው ሲመክር ብሰማም፣ ደብተሩን ከሁለት ሳምንት በላይ የሚይዝ ጥቂት ነው። የሚያስፈልገው ሁለት ቀን ብቻ መቁጠር ነው፤ ጊዜው ሲጀምር እና ሲያልቅ። ቦርሳውን፣ መሳቢያውን፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ያለውን ሁሉ። እሷ ኅዳር 1 ላይ 1,500 ብር ነበራት፣ ጥር 30 ላይ 4,000። ስለዚህ ካወጣችው 35,500 ውስጥ 2,500ው አሁንም አለ፣ 33,000ው ተበልቷል።

የመጨረሻው ቀን ላይ መቁጠር የግድ ነው። ጥር 29 ምሽት ላይ 5,000 ብር ከኤቲኤም አውጥቶ ያልቆጠረ ሰው ወሩን ያለ ጥፋቱ ያበላሸዋል፣ የካቲትንም በነጻ ያሳምረዋል።

ሁሉም አንድ ላይ

መፍትሄው ገቢና ወጪ ከመደመር ይልቅ፣ ገንዘቧ ያለባቸውን ቦታዎች በሁለት ቀን መመዘን ነው። ስድስት ቦታ አላት።

ኅዳር 1 ጠዋት፦ ባንክ 6,200፣ ቴሌብር 800፣ ካሽ 1,500፣ እቁብ 8,000፣ የሚጠበቅ ደመወዝ 18,000፣ ያበደረችው ምንም። ድምር 34,500።

ጥር 30 ማታ፦ ባንክ 20,900፣ ቴሌብር 600፣ ካሽ 4,000፣ እቁብ ከዜሮ በታች 6,000፣ የሚጠበቅ ደመወዝ 18,000፣ ለወንድሟ ያበደረችው 3,000። ድምር 40,500።

ልዩነቱ 6,000 ብር ነው። ለ54,000 ሲካፈል 11 ከመቶ። ባንኩን ብቻ ያየ ሰው 14,700 ጨመረ ብሎ ለደመወዟ ቢያካፍል 27 ከመቶ ያገኝ ነበር። ለገባው 74,000 ቢያካፍለው ደግሞ 20። ሦስቱም ቁጥሮች የመጡት ከአንድ ሰው ተመሳሳይ ሦስት ወራት ነው።

በኤክሴል ወይም በስልክ ሺት ላይ ስድስቱን ቦታዎች ከረድፍ 2 እስከ 7 ጻፉ፤ B የመጀመሪያው ቀን፣ C የመጨረሻው። C9 ላይ ለተሠራባቸው ወራት የሚገባውን ደመወዝ አስገቡ። ዕዳ የሆነ ነገር ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ይኑረው። ከዚያ በB8፣ በC8 እና በC10 ላይ በየተራ፦

```
=SUM(B2:B7)
=SUM(C2:C7)
=(C8-B8)/C9
```

የወንድሟ 3,000 ብር ላይ ግን መፍረድ ያለባት እሷው ናት። ይመለሳል ብላ ካመነች ቁጠባ ነው። እኔ ብሆን ለቤተሰብ የተሰጠን «ብድር» እንደ ወጪ እጽፈውና ሲመለስ ደስ ይለኛል። ያኔ ቁጠባው 3,000 ብር ብቻ ይሆናል፤ ከ6 ከመቶ በታች። አንድ ብድር ውጤቱን በግማሽ ቆረጠው።

ምልክት፦ ቁጥሩ ደርሷል፣ ግን የቀን ወጪው አያሳምንም

የካሹን 33,000 ለ90 ቀን አካፍሉት፤ በቀን 367 ብር ገደማ ይመጣል። አሁን ራሷን ትጠይቅ። ትራንስፖርት፣ ምሳ፣ የቤት አስቤዛ በዚህ ይሸፈናል?

«አይ፣ ከዚህ በላይ ነው የማወጣው» ካለች፣ ባንክ ያላየው ገቢ አለ። ለምሳሌ ልጅ እያስጠናች በወር 1,500 ብር በእጅ የምትቀበል ከሆነ፣ በሦስት ወር 4,500 ብር ከኪስ ወደ ገበያ ሄዷል። የ6,000ው ልዩነት አይቀየርም፣ ምክንያቱም የተመዘነው ያለው ገንዘብ ነው። የሚቀየረው ማካፈያው ነው፤ 58,500 ይሆናል፣ ውጤቱም ወደ 10 ከመቶ ይወርዳል። የሚቆጥብ ሰው በካሽ የሚመጣ ገቢውን ማካፈያው ውስጥ ካላስገባ፣ መቶኛው ከእውነቱ ከፍ ብሎ ነው የሚታየው።

በተቃራኒው «ይህን ያህልማ አላጠፋም» ካለች፣ ያልተቆጠረ ካሽ አለ። እናቷ ዘንድ ያስቀመጠችው፣ ለሰው ሰጥታ የረሳችው፣ የድሮ ቦርሳ ውስጥ ያለ።

ምልክት፦ የአሥራ ሁለቱ ወር ድምር ከዓመቱ ጋር አይገጥምም

በኛ ወር የሚከፈለው በዓመት 12 ደመወዝ ነው። ለጳጉሜን የተለየ ደመወዝ የለም፣ ግን 5 ወይም 6 ቀን ይበላል፤ ያውም የዘመን መለወጫ በግና ዶሮ የሚገዛበት ቀን። ነሐሴ 30 ላይ ዘግቶ መስከረም 1 ላይ የጀመረ ሰው ይህ ወጪ የትም አይገባለትም። ነሐሴን እስከ ጳጉሜን መጨረሻ አስረዝሙት። ነሐሴ ከሌሎቹ ወራት ዝቅ ብሎ ቢታይ አይግረማችሁ፤ 35 ወይም 36 ቀን በአንድ ደመወዝ የተኖረበት ነው።

የሦስት ወሩ 11 ከመቶም ቢሆን ገናንና ጥምቀትን ይዟል፤ ፋሲካና የትምህርት ቤት ምዝገባ ግን የሉበትም። የስድስት ወር ኪራይ አስቀድሞ የሚከፍል ሰው ደግሞ ያልኖረበትን ወር ኪራይ እንደ ሰባተኛ ቦታ መያዝ አለበት፤ አለበለዚያ የከፈለበት ወር ይወድቃል፣ ቀጣዮቹ አምስቱ ያለ አግባብ ይወፍራሉ። በየወሩ መጨረሻ ስድስቱን ቦታ ቆጥራ ከያዘች፣ ጥር ሲሞላ ያለፈው ዓመት ጥር 30ን ከዘንድሮው ጋር ማነጻጸር ብቻ ይበቃታል። በመሃል ደመወዙ በስንት ቀን እንደዘገየ ማስታወስም አይጠበቅባትም።