ጭስ ራሱን አይደግምም

ፎቶ አጠራጠራችሁ? ከሰው ፊት አትጀምሩ። ጭስ፣ አቧራ ወይም ሣር ያለበትን ቦታ አጉሉት። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2008 ኢራን አራት ሚሳኤሎች አብረው ሲተኮሱ የሚያሳይ ፎቶ ለቃ ነበር። ከቀኝ ሁለተኛው ግን ተቀጥሎ የገባ ነው። ከሥሩ ያለው አቧራና የጭሱ ጅራት ከጎኑ ካሉት የተቀዳ ነበር። ጭስ ደግሞ ሁለቴ አንድ ዓይነት ቅርጽ አይሠራም!

ከዚያ ጥላውን እዩ። ፀሐይ አንድ ናትና የአንዱ ሰው ጥላ ወደ ግራ፣ የጎረቤቱ ወደ ቀኝ ከሄደ ነገር ሊኖር ይችላል። የሰው ፀጉር ጠርዝ እንደ ወረቀት በመቀስ የተቆረጠ ከመሰለም ጠርጥሩ። በጨለማ የተነሳ ፎቶ ሁሉም ቦታው አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ አንድ ሰው ብቻ ጥርት ካለ ከሌላ ቦታ መጥቶ ይሆናል። በቴሌግራም ሲዟዟር የከረመ ፎቶ ግን ስለሚጨመቅ ይህ ምልክት ይጠፋል፤ ጥራቱ ያልወረደውን ቅጂ ፈልጉ።