የሰርጉን ፎቶ ውጭ ላሉት ስንልክ የምንሠራቸው ስህተቶች

ጥር ላይ ታናሽ እህቴን ዳርን። ፎቶ አንሺው ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ፍላሽ አስረከበን። 1,140 ፎቶ ነው፤ አንዱ በአማካይ 9 ሜጋባይት፣ ሲደመር ወደ 10 ጊጋባይት። ታላቅ እህታችን ሜሪላንድ ናት፣ አክስታችን ሪያድ። ሁለቱም መምጣት ስላልቻሉ ፎቶውን በጉጉት ነው የሚጠብቁት። እኔ ደግሞ ያለኝ የሞባይል ዳታ ብቻ ነው። መጀመሪያ ላይ ሁሉንም ነገር አበላሽቼዋለሁ። እናንተ ካርዳችሁን እንዳታቃጥሉ እያንዳንዱን ስህተት ልንገራችሁ።

በቴሌግራም “እንደ ፎቶ” መላክ

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው፤ ሳይታወቅም ያልፋል። ቴሌግራም ላይ ከጋለሪ መርጣችሁ ዝም ብላችሁ ስትልኩ አፑ ፎቶውን ያሳንሰዋል። በተለመደው አላላክ ረጅሙ ጎን ወደ 1,280 ፒክስል ይወርዳል። የካሜራው ፎቶ ግን 6,000 በ4,000 ነበር። ስልክ ላይ ሲታይ ልዩነቱ አይታወቅም። እህቴም “በጣም ያምራል!” ብላ መለሰች።

ጉዱ የወጣው የእማዬን ፎቶ በ60 በ40 ሴንቲ ሜትር አሳትማ ሳሎን ልትሰቅል ስትል ነው። የቀሚሷ ጥለት ክሩ ከክሩ ተደባልቆ አንድ ወጥ ቀለም ሆነ። ሹሩባዋም እንደተቀባ ጥቁር ነገር ታየ። ምክንያቱ ቀላል ነው። 60 ሴንቲ ሜትር ላይ 1,280 ፒክስል ሲዘረጋ ለአንድ ኢንች የሚደርሰው 54 ገደማ ነጥብ ብቻ ነው። ከዋናው ፎቶ ቢታተም 254 ይደርሰው ነበር። ማተሚያ ቤቶች ብዙ ጊዜ ከ200 በላይ እንዲሆን ይፈልጋሉ።

መፍትሔው ፎቶውን “እንደ ፋይል” መላክ ነው። ስልክ ላይ የማያያዣዋን ምልክት ተጭናችሁ File ውስጥ ግቡና እዚያ Gallery የሚለውን ምረጡ። ኮምፒውተር ላይ ከሆናችሁ ከመላካችሁ በፊት Compress images የሚለው ላይ ያለውን ምልክት አንሱት። ዋትሳፕ ላይ ደግሞ Document በሚለው በኩል ነው የሚላከው። እንዲህ ሲሆን ፎቶው የተነሳበት ቀንና ሰዓትም አብሮት ይሄዳል። እህቴ ከዚህ በፊት የላክኩላትን በቀን ለመደርደር ብትሞክር መልሱና ሰርጉ የተቀላቀለባት ለዚህ ነበር።

ሳይመርጡ ሁሉንም መላክ

አሥሩንም ጊጋባይት ልልክ ተነሳሁ። የኢንተርኔቴን ፍጥነት ለክቼ “ጥሩ ነው” ብዬ ነበር፤ ግን ያየሁት የማውረጃውን ፍጥነት ነው። ለእኛ የሚያስፈልገን የመጫኛው ነው፤ እሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያነሰ ነው። የእኔ 2 ሜጋቢት በሰከንድ አካባቢ ነበር። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ቢት እና ባይት አንድ አይደሉም። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። ስለዚህ 2 ሜጋቢት ማለት በሰከንድ ሩብ ሜጋባይት ብቻ ነው። አንዱ ባለ 9 ሜጋባይት ፎቶ 36 ሰከንድ ይወስዳል። 1,140ው ደግሞ መቆራረጥ ሳይታከልበት ከ11 ሰዓት በላይ።

እዚህ ላይ ያ የሚያሳንሰው አላላክ ይጠቅማል። ሁሉንም ፎቶ በትንሹ፣ “እንደ ፎቶ” ለቤተሰቡ ግሩፕ ላክሁ። ትንሽ ስለሆነ ብዙ ዳታ አልበላም። ከዚያ “የምትፈልጉትን ቁጥር ጻፉልኝ” አልኳቸው። ቁጥሩ እንዳይጠፋ ከየአሥሩ ፎቶ ሥር የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን የፋይል ስም ጻፍኩበት። እህቴና አክስቴ ተባብለው 180 መረጡ። አንድ ዓይነት ሰባት ፎቶ ማን ይፈልጋል? 180ው 1.6 ጊጋባይት ነው። በዚያው ፍጥነት አንድ ሰዓት ከ50 ደቂቃ አካባቢ። የሌሊት ጥቅል ገዝቼ ሁሉም በተኛበት ሰዓት ጫንኩት፤ ኔትወርኩም ያኔ ይሻላል።

ዚፕ ሲደረግ ያንሳል ብሎ ማሰብ

ጎረቤቴ “ዚፕ አድርገው፣ ግማሽ ይሆናል” አለኝ። አይሆንም። የካሜራ ፎቶ ሲቀመጥ ቀድሞውኑ የተጨመቀ ነው። ዚፕ የሚቀንስለት ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ነው። ጽሑፍ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ነበር።

ይባስ ብሎ 180ውን ፎቶ አንድ ዚፕ አድርጋችሁ መንገድ ላይ ቢቆረጥ፣ 1.4 ጊጋባይት ከሄደ በኋላም ቢሆን እንደገና ከዜሮ ልትጀምሩ ትችላላችሁ። ለየብቻ የሚሄዱ ፎቶዎች ግን አንዱ ቢቆረጥ የሚጠፋው 9 ሜጋባይት ብቻ ነው። እኔ 20 ፎቶ ልኬ፣ መድረሳቸውን አይቼ፣ ቀጣዩን 20 ነው የምልከው። መብራት ቢጠፋም የት እንደደረስኩ አውቃለሁ።

ለእያንዳንዱ ዘመድ እንደ አዲስ መጫን

ለእህቴ ልኬ ስጨርስ ለአክስቴ ከስልኬ እንደገና ልልክ ነበር። ይሄ ዳታውን ሁለት ጊዜ መክፈል ነው። ቴሌግራም ላይ አንዴ የተጫነ ፋይል ሰርቨሩ ላይ ስላለ ፎርዋርድ ሲደረግ ከእናንተ ስልክ ደግሞ አይወጣም። ስለዚህ ውጭ ያሉትን ብቻ የያዘ ግሩፕ ከፍቼ እዚያ አንዴ ጫንኩ። ሌላ የፈለገ ሰው ቢመጣ ፎርዋርድ ነው። ጎግል ድራይቭ የሚመርጥ ሰውም አንዴ ጭኖ ሊንኩን ይላክ፤ ነፃው ቦታ ግን 15 ጊጋባይት መሆኑንና ከኢሜይሉ ጋር የጋራ መሆኑን አይርሳ።

“ውጭ ያሉትን ብቻ” ያልኩት በምክንያት ነው። ደሴ ያለችው አያታችን በዚያ ግሩፕ ብትገባና ፋይሎቹን አንድ በአንድ ብትነካቸው የእሷም ካርድ ያልቃል። ለእሷ ትናንሾቹ ይበቃሉ።

መድረሱን ሳያረጋግጡ ፍላሹን ባዶ ማድረግ

“ደርሶኛል” የሚለው ቃል አይበቃም። እህቴን በኮምፒውተር አውርዳ ፎልደሩን Properties ላይ እንድታይ አደረግኩ። 180 ፋይል፣ 1.6 ጊጋባይት ይላል። የእኔም እንደዚያው። የእሷ 50 ሜጋባይት ምናምን ቢል ኖሮ ተጨምቆ እንደሄደ አውቅ ነበር። የአንድ ፎቶ መጠንም ለብቻው ይነግራችኋል፤ 9 ሜጋባይት የነበረው 200 ኪሎባይት ከሆነ ያ ዋናው አይደለም።

የቀረውን 960 ፎቶ በኔት አልሞከርኩትም። የሰፈራችን ሰው በፋሲካ ወደ ዋሽንግተን ይበር ስለነበር፣ ሙሉውን በሁለት ፍላሽ ገልብጬ አንዱን ለእሱ ሰጠሁት። ሁለተኛው እዚህ እማዬ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። እህቴ ፍላሹ እጇ ገብቶ ሁሉም እንደተከፈተላት እስክትደውል ድረስ ኮምፒውተሬ ላይ ያለውን አልነካሁትም።